ሲፒኤ ወይስ ኤሲሲኤ? ዲግሪውን አገር ቤት ይዞ አሜሪካ ለገባ ጁኒየር ኦዲተር

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያን ከወጣን በኋላ አንዲት ልጅ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። በዲቪ ከመጣች ስምንት ወሯ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ዓመት በኦዲት ድርጅት ሠርታለች። ስልኳ ላይ የተከፈተው ዋና መሥሪያ ቤቱ እንግሊዝ የሆነው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሙያ ማረጋገጫ፣ የኤሲሲኤ አካውንቷ ነው። ከ13ቱ ፈተና 7ቱ አልቋል። አራቱን በዲግሪዋ ኤግዘምፕሽን አግኝታባቸዋለች፣ ሦስቱን ተፈትና አልፋለች።

«ጋሼ፣ ይኼን ልጨርሰው ወይስ ትቼ ሲፒኤ ልጀምር?»

ሲፒኤ ማለት የአሜሪካው የሒሳብ ባለሙያ ፈቃድ ነው። ይህን ጥያቄ በዓመት ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። «ሁለቱም ጥሩ ነው» የሚለው መልስ ሰውን ሦስት ዓመት ያስከፍላል። ስለዚህ ከልጅቷ ጋር ቡና እየጠጣን የሄድንበትን መንገድ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

ደረጃ 1፦ ፊርማችሁ የት አገር እንዲጸና እንደምትፈልጉ ወስኑ

ብዙ ሰው የሚጀምረው «የትኛው ይከብዳል?» ብሎ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን የኦዲት ሪፖርቱን ማን ይፈርማል የሚለው ነው።

አሜሪካ ውስጥ በሒሳብ መግለጫ ላይ የኦዲት አስተያየት መስጠት የሚችለው የስቴት ፈቃድ ያለው የሲፒኤ ድርጅት ነው። የኤሲሲኤ አባል ሆናችሁ እዚህ አገር መቀጠር ትችላላችሁ፣ ኦዲት ቡድን ውስጥም ትሠራላችሁ። መፈረም ግን አትችሉም። በትልቁም በትንሹም የኦዲት ድርጅት ደግሞ ሰው ማናጀር ሊሆን ሲቃረብ ላይሰንሱን ይጠየቃል።

«ታዲያ ኤሲሲኤዬን ወደ ሲፒኤ ላዛውረው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አሜሪካ ከአንዳንድ አገሮች የሙያ ማኅበራት ጋር፣ ለምሳሌ ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያና ከስኮትላንድ ጋር፣ የሙያ ማረጋገጫን እርስ በርስ የመቀበል ስምምነት አላት። ኤሲሲኤ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። አሥራ ሦስቱንም ጨርሳችሁ አባል ብትሆኑም የሲፒኤን ፈተና ከመጀመሪያው መፈተናችሁ አይቀርም።

ወደ ሌላው አቅጣጫ እንየው። ኢትዮጵያ በፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወደ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ፣ ወደ አይኤፍአርኤስ፣ ገብታለች። ኦዲተሩን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። የኤሲሲኤ ትምህርት የተገነባው በአይኤፍአርኤስና በዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ ላይ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ያለ ጁኒየር ቀን የሚሠራውንና ማታ የሚያጠናውን ነገር አንድ ያደርግለታል። ዱባይ ወይም ናይሮቢ ለሚያስብ ሰውም እንደዚሁ።

ልጅቷን «አምስት ዓመት ቆይተሽ የት ነሽ?» አልኳት። «እዚሁ። እናቴን ማምጣት ነው የምፈልገው።» ግማሹ መልስ እዚህ ላይ ተገኘ። ግማሹን የሚሰጠው ትራንስክሪፕቷ ነው።

ደረጃ 2፦ ዲግሪያችሁን አስገምግሙ፣ ግን መጀመሪያ ስቴቱን ምረጡ

የሲፒኤ ፈተና በመላው አሜሪካ አንድ ነው። ማን ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው ግን የየስቴቱ ቦርድ ነው። የውጭ ዲግሪ የሚገመግሙትን ተቋማትም እያንዳንዱ ቦርድ በስም ዘርዝሮ ያስቀምጣል። አንዱ የሚቀበለውን ሌላው ላይቀበል ይችላል። ለሥራ ፍለጋ ብላችሁ ያስገመገማችሁት ወረቀት ለቦርዱ ላይበቃ ስለሚችል፣ ከመክፈላችሁ በፊት የቦርዱን ገጽ አንብቡ። የትምህርት ዓይነቶቹ አንድ በአንድ የተዘረዘሩበትን ግምገማ እዘዙ። ዲግሪውን ብቻ የሚያረጋግጠው አጭሩና ርካሹ አይጠቅማችሁም።

ግምገማው ሲመጣ ሁለት መስመሮችን ፈልጉ። አንደኛው ዲግሪያችሁ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው ወይስ «የሦስት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት» ተብሏል የሚለው ነው። ሁለተኛው ጠቅላላ የክሬዲት ብዛት ነው።

እኛን የሚጎዳን እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ የተማራችሁት በሦስት ዓመቱ ፕሮግራም ነው። በሞጁል ሥርዓት የተማረ ሰው ትራንስክሪፕት ላይ ደግሞ ክሬዲቱ በአውሮፓው አቆጣጠር ተጽፎ ይገኛል። በተለመደው ስሌት የአውሮፓው 60 ክሬዲት ወደ አሜሪካው 30 ይቀየራል። ስለዚህ 180 የሚል ትራንስክሪፕት የያዘ ሰው «ለላይሰንሱ ከሚጠየቀው 150 አልፌአለሁ» ብሎ ሲደሰት 90 ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። በግማሽ መቀነሱን የሚያውቀው ውጤቱ ሲመጣ ነው።

የመጀመሪያው መስመር «የሦስት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት» ካለ መንገዱ ይለወጣል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታችሁ 30 ክሬዲት ብትጨምሩ ለፈተናው የሚጠየቀው 120 ይሞላል እንጂ ባችለር አይሆንም። እንዲህ ያለ ውጤት የመጣበት ሰው እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባችለሩን ያጠናቅቅ፣ ወይም ዲግሪውን የሚቀበለው ማስተርስ ያግኝ። የአካውንቲንግ ማስተርስ ብዙውን ጊዜ 30 ክሬዲት ገደማ ስለሆነ ዲግሪውንም ክሬዲቱንም በአንድ ጊዜ ይፈታል። ዋጋው ግን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብዙ ይበልጣል።

የኤሲሲኤ ፈተናዎችን እንደ ክሬዲት ቆጥራችሁ አትነሱ። የሙያ ፈተና እንጂ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ስላልሆኑ ብዙውን ጊዜ ከድምሩ ውስጥ አይገቡም።

የልጅቷ ግምገማ የመጣላት ከሁለት ወር በኋላ ነው። የመጀመሪያው መስመር መልካም ነው፤ ባችለር ተብሎላታል። ሁለተኛው 92 ክሬዲት ይላል።

ደረጃ 3፦ የጎደለውን በወረቀት አስሉት

በብዙ ስቴቶች ለፈተና ለመቀመጥ 120 ክሬዲት፣ ላይሰንሱን ለመውሰድ ደግሞ 150 ክሬዲትና የአንድ ዓመት ልምድ ሲጠየቅ ቆይቷል። በቅርቡ ግን ነገሩ እየተለወጠ ነው። ኦሃዮና ቨርጂኒያ በ2025 ሕጋቸውን አሻሽለው፣ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ባችለርና የሁለት ዓመት ልምድ ላለው ሰው ያለ 150ው በር ከፍተዋል። ሌሎች ስቴቶችም ተከትለዋል። ለእኛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ 30 ክሬዲት ከመክፈል ደመወዝ እየተቀበሉ አንድ ዓመት መጨመር ይሻላል። ሜሪላንድ የሚኖር ሰው የጎረቤት ቨርጂኒያን መስፈርትም ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነጻጽር።

ልጅቷ 120 ለመድረስ 28 ክሬዲት ይጎድላታል። በሦስት ክሬዲት ሲካፈል አሥር ኮርስ መሆኑ ነው። የትኞቹ አሥር የሚለው ላይ ተጠንቀቁ። ቦርዶች ጠቅላላ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የትምህርቱን ዓይነትም ያያሉ። የእኛ ሰው ትራንስክሪፕት ላይ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚጎድለው የአሜሪካ የፌዴራል ታክስ ነው። አገር ቤት የተማራችሁት የታክስ ኮርስ ይህን አይተካም። ሥነ ምግባርን እንደ ራሱ ኮርስ የሚጠይቁ ቦርዶችም አሉ። አንዳንድ ቦርድ ደግሞ መግቢያ ደረጃ ያሉ የአካውንቲንግ ኮርሶችን አይቆጥርም። ስለዚህ የምትመዘገቡባቸውን ኮርሶች ስም ጽፋችሁ ለቦርዱ በኢሜይል ላኩና መልሱን በጽሑፍ አስቀምጡ። ከዚያ ክፈሉ።

በሞንትጎመሪ ካውንቲ ለሚኖር ሰው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ቅርብ ነው። የካውንቲው ነዋሪ መሆናችሁ ሲረጋገጥ ክፍያው በእጅጉ ይቀንሳልና የቤት ኪራይ ውላችሁንና የመብራት ደረሰኛችሁን ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ አስቀምጡ።

ሁለት ኮርስ በሴሚስተር፣ በጋውንም ጨምራ ብትማር አሥሩ ኮርስ ሃያ ወር ገደማ ይፈጅባታል። አራቱን የሲፒኤ ፈተና በዓመት ተኩል ብታልፍ ከሦስት ዓመት ትንሽ ይበልጣል። ኤሲሲኤው ደግሞ ስድስት ይቀረዋል፤ ሁለት ከመካከለኛው፣ አራት ከመጨረሻው ደረጃ። ፈተናው በዓመት አራት ጊዜ ስለሚሰጥ ሥራ ይዞ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ብትይዝ ግን ሁለቱም ይጓተታሉ። ቀን ሥራ፣ ማታ ኮርስ፣ ቅዳሜ ሁለት ዓይነት የፈተና መጽሐፍ ይዘው ሲደክሙ ያየኋቸው ልጆች ጥቂት አይደሉም።

ደረጃ 4፦ የጀመራችሁትን ኤሲሲኤ ምን ታደርጉታላችሁ?

እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። የቀራችሁ ሦስት ወይም ከዚያ በታች ከሆነና አንጎላችሁ ገና ትኩስ ከሆነ ጨርሱት። ወደ አገር ቤት የመመለስ ወይም ዱባይ የመሄድ በር ክፍት ይሆንላችኋል። ስድስት ከቀረ ግን አቁሙት። የመጨረሻው ደረጃ አራቱ ፈተናዎች ከባዶቹ ናቸው። የመጀመሪያውን ካለፋችሁ በኋላ ሁሉንም በሰባት ዓመት ውስጥ መጨረስም ይጠይቃሉ። ልጅቷ ከእነሱ አንዱንም ስላልነካች ያ ሰዓት አልጀመረባትም። ብታቆም የሚበላሽባት ውጤት የለም።

ማቆም ማለት ግን መጥፋት አይደለም። ዓመታዊ የተማሪነት ክፍያው ካልተከፈለ ከመዝገብ ትሰረዛላችሁ። ከፈተናና ከመጽሐፍ ወጪው ጋር ሲተያይ ትንሽ ገንዘብ ስለሆነ ክፈሉት።

ደረጃ 5፦ የምታጠኑት ምን ያህል እንደሚለይ በአንድ ምሳሌ እዩት

«ኤሲሲኤ ስለተማርኩ ሲፒኤ ይቀለኛል» የሚለው እውነትነት አለው። የኦዲት አስተሳሰቡ፣ ናሙና አወሳሰዱ፣ የስጋት ግምገማው ቅርብ ነው። ሒሳቡ ላይ ግን የለመደ እጅ ያሳስታል።

ቡና የሚነግድ ደንበኛ አላችሁ እንበል። መጀመሪያ 100 ከረጢት እያንዳንዱን በ200 ዶላር ገዛ። ቀጥሎ 100 ከረጢት በ260 ዶላር ገዛ። ዓመቱ ሳያልቅ 100 ከረጢት ሸጠ። በአይኤፍአርኤስ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል ብላችሁ ብታሰሉ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 20,000 ዶላር ነው። በአሜሪካው ደረጃ ግን ደንበኛው መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል የሚለውን ዘዴ መምረጥ ይችላል። ያኔ 26,000 ይሆናል። ያው ቡና፣ ያው ሽያጭ፣ ትርፉ ግን በ6,000 ዶላር ይለያያል። አይኤፍአርኤስ ይህን ዘዴ ይከለክላል። እዚህ አገር ስትመጡ «ስህተት ነው» ብላችሁ ብትጽፉ ስህተቱ የእናንተ ነው።

ሌላም አለ። በአይኤፍአርኤስ ሕንጻን በወቅቱ ዋጋ ከፍ አድርጎ መመዝገብ ይፈቀዳል፤ በአሜሪካው አይፈቀድም። ሲፒኤ ፈተና ውስጥ ደግሞ ኤሲሲኤ ብዙም የማይነካው የመንግሥትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሒሳብ አለ። ይህ ለእኛ አካባቢ ሰው ጥቅም አለው። ዋሽንግተን ዙሪያ ያለ ትንሽ ኦዲት ድርጅት ደንበኞቹ ብዙውን ጊዜ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። አንድ ድርጅት በዓመት ከተወሰነ መጠን በላይ የፌዴራል ገንዘብ ካወጣ ልዩ ኦዲት ይደረግበታል። መጠኑ 750,000 ዶላር የነበረ ሲሆን ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለሚጀምሩ የበጀት ዓመታት 1,000,000 ሆኗል። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን የሚያውቅ ጁኒየርን ሰው ዞር ብሎ ያየዋል።

ደረጃ 6፦ የሲፒኤን ፈተና በቅደም ተከተል ያዙት

ከ2024 ጀምሮ ፈተናው ሦስት ግዴታና አንድ ምርጫ ሆኗል። ግዴታዎቹ ኦድ፣ ፋርና ሬግ ናቸው፤ ኦዲት፣ የፋይናንስ ሒሳብ፣ ታክስና ሕግ ማለት ነው። ምርጫዎቹ ባር፣ አይኤስሲና ቲሲፒ ናቸው፤ የቢዝነስ ትንተናና ሪፖርት፣ የመረጃ ሥርዓት ቁጥጥር፣ የታክስ ዕቅድ ማለት ነው። ከእነሱ አንዱን ትወስዳላችሁ። እያንዳንዱ አራት ሰዓት ነው፤ ማለፊያው 75 ነው።

ከአገር ቤት ኦዲት ለመጣ ሰው መጀመሪያ ፋርን እመክራለሁ። ትልቁ እሱ ነው፤ የኦዲት ፈተናውም በእሱ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ ኦድ፣ ሦስተኛ ሬግ። የፌዴራል ታክስ ኮርሱን በጨረሳችሁበት ሴሚስተር ማግስት ሬግን ብታደርጉት ግን ቅደም ተከተሉን ብታፈርሱም ያዋጣል። አንዱን ስታልፉ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ድሮ የቀሩትን ለመጨረስ 18 ወር ይሰጥ ነበር፤ አሁን ብዙ ስቴቶች 30 ወር አድርገውታል። ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ቦርዳችሁን ጠይቁ።

እኔ የተሳሳትኩበትን ልንገራችሁ። ክፍያ ስትከፍሉ ቀን የምትይዙበት ፈቃድ ይመጣላችኋል። ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ስድስት ወር ነው። እኔ በአንድ ጊዜ ለሁለት ፈተና ከፈልኩ። አንዱን ተፈተንኩ፤ ለሁለተኛው ሳልዘጋጅ የኦዲት ወቅት ገባ፣ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ቀና ማለት አልቻልኩም፣ ቀኑም አለፈ። ገንዘቡ ቀለጠ። አንድ ፈተና ከ250 ዶላር በላይ ነው። የምትፈተኑትን አንድ ብቻ ክፈሉ፤ በኦዲት ወቅትም አትክፈሉ።

ደረጃ 7፦ ልምዳችሁን ማን እንደሚፈርምላችሁ እወቁ

ኤሲሲኤ 36 ወር የሥራ ልምድ ይፈልጋል። በየትኛውም አገር ቢሆን ይቆጠራል፤ ተቆጣጣሪያችሁ ግን በሥርዓቱ ውስጥ ማጽደቅ አለበት። ሲፒኤ ዘንድ ደግሞ ልምዱን የሚያረጋግጠው በአብዛኛው ላይሰንስ ያለው ሲፒኤ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ የሠራችሁት ሁለት ዓመት ለሥራ መቀጠሪያ ይጠቅማል፣ ለላይሰንሱ ግን አትቁጠሩት።

ሥራ ስትመርጡ ይህን አስቡ። በሰዓት ሁለት ዶላር የሚበልጥ የቡክኪፒንግ ሥራና ባለቤቱ ሲፒኤ የሆነ ትንሽ ቢሮ ቢቀርብላችሁ ሁለተኛውን ያዙ። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ «ልምዴን ይፈርሙልኛል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ነውር አይደለም። ልጅቷ አሁን ያለችበት ቢሮ ባለቤቱ ሲፒኤ ነው፤ ስትጠይቀው ደስ ብሎት እሺ አላት።

እስከዚያው ገቢ የሚያስፈልገው ሰው የኤንሮልድ ኤጀንትን ፈተና ይመልከት። ሦስት ክፍል ነው፣ ዲግሪ አይጠይቅም፣ የታክስ ሥራ ያሠራል። ኦዲት ግን አያስፈርምም።

ደረጃ 8፦ ስማችሁን አንድ አድርጉ

ይህ ትንሽ ይመስላል፤ የፈተና ማዕከሉ በር ላይ ግን ሰው ይመልሳል። የዲግሪያችሁ ስም በእንግሊዝኛ በአንድ ኤስ፣ ፓስፖርቱ በሁለት ኤስ ተጽፎ ይሆናል። አንዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም። መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም መካከለኛ ስም ሆኖ ተቀምጧል። ለቦርዱ የምታስገቡት ስም ፈተና ቀን ከምትይዙት መታወቂያ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። መጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን አስተካክሉ፣ ከዚያ በዚያው ስም ማመልከቻውን ሙሉ። የዲግሪው ስም ከተለየ ለገማጋሚው ተቋም ማብራሪያ አያይዙ።

ገና አዲስ አበባ ላላችሁ

ዲቪ ደርሷችሁ ወይም ቪዛ እየጠበቃችሁ ከሆነ እዚያው ሆናችሁ የምትጨርሱት ነገር አለ። ሪጅስትራር ሄዳችሁ በኤንቨሎፕ የታሸገ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከአንድ በላይ አውጡ። ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ለገማጋሚው ተቋም የሚልክበትን መንገድም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ በእጅ የመጣ አይቀበሉም። የየኮርሱን ዝርዝር ይዘት በዲፓርትመንቱ ማኅተም አስመቱ። ለምታምኑት ዘመድ ይህንኑ ጉዳይ በስም የሚጠቅስ ውክልና ስጡ። «ጠቅላላ ውክልና አለኝ» ብሎ ሄዶ ከመስኮቱ የተመለሰ ዘመድ አለኝ።

የኤሲሲኤ ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት ተቆጣጣሪያችሁ እስከዚያ ቀን ያለውን የልምድ መዝገብ ኦንላይን እንዲያጸድቅላችሁ አድርጉ። ልጅቷ ይህን አላደረገችም። አለቃዋ ድርጅቱን ለቋል፣ ኢሜይሉም ተዘግቷል፤ አሁን በወንድሟ በኩል ስልኩን እያፈላለገች ነው።